የከፍተኛ አካውንታንት ቃለ መጠይቅዎ ውጤት

ውድ አመልካች፣

ባለፈው ማክሰኞ ለቃለ መጠይቁና ለተግባር ፈተናው ጊዜዎን ሰጥተው ስለቀረቡ ከልብ እናመሰግናለን። ለከፍተኛ አካውንታንት የሥራ መደብ ሌላ ተወዳዳሪ መመረጡን ስንገልጽልዎ እናዝናለን። ውጤቱን እንዲሁ ከምንነግርዎ ነጥብዎ ከየት እንደመጣ ብናሳይዎ ይጠቅምዎታል ብለን አምነናል።

ማለፊያው ከ100 75 ሲሆን የእርስዎ ድምር 70 ነው። ሦስቱ ፈታኞች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው አማካዩ ተይዟል።

በሙያ ዕውቀት ከ35 29 አግኝተዋል። በቅድሚያ የተከፈለ የቤት ኪራይ መጀመሪያ ሀብት ሆኖ ተመዝግቦ በየወሩ ወደ ወጪ እንደሚዛወር ያስረዱበት መንገድ በጣም ግልጽ ነበር። ሐሳብን በመግለጽም ከ15 13 አለዎት።

ነጥብ የቀነሰብዎ በዋናነት የተግባር ፈተናው ነው፤ ከ30 17። ያልተመነዘሩትን ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ሂሳብ ላይ በትክክል ቀንሰዋል። የባንክ አገልግሎት ክፍያውን ግን ከመዝገቡ ቀሪ ላይ መቀነስ ሲገባዎ በባንኩ በኩል አስተካክለውታል። ባንኩ ክፍያውን አስቀድሞ ቆርጦታል፤ ያልመዘገበው የድርጅቱ መዝገብ ስለሆነ የማስተካከያ ምዝገባ የሚሠራለትም እዚያው ነው። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን 900 «ልዩነት» ብለው በአንድ መስመር መዝጋትዎ ነው። በባንክ ስቴትመንቱ 5,400 የተከፈለው ቼክ በመዝገቡ 4,500 ተብሎ ነበር። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል አሃዞች ተገለባብጠው እንዳይሆን መጠርጠርና ቼኮቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል። 45ቱ ደቂቃ ሳያልቅ 12 ደቂቃ ቀድመው ስላስረከቡ ለዚህ ፍተሻ ጊዜ ነበርዎት። ያልታወቀ ልዩነትን ዘግቶ ማለፍ በወር መዝጊያ ላይ ከባድ ስህተት ስለሚሸፍን ፈታኞቹ ብዙ ነጥብ የያዙት እዚህ ላይ ነው።

በቡድን አመራር ከ20 11 ነው። የወር መዝጊያ ቢዘገይ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «አምሽቼ ራሴ እጨርሰዋለሁ» ብለዋል። ትጋትዎን አይተንበታል። መስፈርቱ የሚመዝነው ግን ሥራው በማን እጅ እንደቆመ መለየትን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቀን ቆርጦ መስጠትንና መከታተልን ነው። ካሁን በፊት ሰዎችን ያስተባበሩበት ሥራ ካለ እሱን በዝርዝር ቢያነሱ ኖሮ ነጥብዎ ከፍ ይል ነበር።

ማመልከቻዎን ለ6 ወር እናቆያለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአካውንታንት መደብ ከወጣ ሰነድ እንደገና ማስገባት ሳያስፈልግዎ በዚሁ መልእክት ላይ ፍላጎትዎን ቢገልጹልን ይበቃል፤ የተግባር ፈተናው ግን እንደ አዲስ ይሰጣል። ስለ ነጥብዎ ማብራሪያ ከፈለጉ እስከ መጪው ዓርብ ይጻፉልን፤ የፈተና ወረቀትዎን ከፈታኞቹ ከአንዳቸው ጋር በስልክ አብረው ማየት ይችላሉ። የሌሎች ተወዳዳሪዎችን ነጥብ ግን አንገልጽም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል