የመጀመሪያዋ ሳምንትሽ ምግብ፦ ያለ ስንዴ፣ ያለ ገብስ

እህቴ፣ ሐኪሙ ሴሊያክ ነው፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትሽን ይጎዳል ካለሽ ጀምሮ «ታዲያ ምን ልበላ ነው?» እያልሽ ተጨንቀሻል። በእኔ ላይ ከታወቀ 6 ዓመት አለፈ። ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቁጭ ብሎ ቢጽፍልኝ ኖሮ ስንት ለቅሶ በቀረልኝ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሳምንት እኔ አሰብኩልሽ። የሚያስፈልግሽ ነገር ከሞላ ጎደል ቤትሽ ውስጥ አለ። ከውጭ አገር የመጣ ውድ ዱቄት ፍለጋ አትሂጂ።

የሚቀረው ስንዴ፣ ገብስና ከነሱ የተሠራ ሁሉ ነው። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳምቡሳ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ገንፎ፣ የስንዴ ቅንጬ፣ ጠላና ቢራ። አጃም ለጊዜው ይቅር። አንደኛ፣ አጃ ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይነካካል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ቦታ አጃ የሚባለው ራሱ የስንዴ ዘር ነው።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ ድንች፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ ሁሉ ያንቺ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። የሚያሳምመን ጤፉ ላይ የሚደባለቀው ነው። «ትንሽ ብትሆን ምን አለው» የሚልሽ ሰው ይኖራል። አትስሚው። ሆድሽን ባያምሽም እንኳ ፍርፋሪዋ አንጀትሽን ትጎዳዋለች።

ከሳምንቱ በፊት

ሐሙስ ወፍጮ ቤት እንሄዳለን። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ካገኘን እሰየው። ካጣን ጠዋት ሌላ እህል ሳይገባ በፊት እንደርሳለን። ድንጋዩ ላይ የትናንቱ ስንዴ ስለሚቀር መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ አድርጊው። ያንቺ ከሱ በኋላ የሚወጣው ነው። የሽሮሽም እህል እንዲሁ ነው የሚፈጨው።

አሮጌውን እርሾ ድፊው። የገዛሽው ወይም ከጎረቤት ያመጣሽው እርሾ ምን ሊጥ ውስጥ እንደነበረ አታውቂም። ሐሙስ ማታ ዱቄቱን በውኃ ብቻ አቡኪው፤ ራሱ ይቦካል። እሑድ ትጋግሪያለሽ። ዳቦ ወይም አምባሻ የሚጋገርበትን ምጣድ ግን አትጠቀሚ። ማሰሻ ጨርቁ አዲስ ይሁን። ለራስሽ ትንሽ ሞሰብ ያዢ፣ የሱቅ እንጀራ እሱ ውስጥ እንዳይገባ።

ምስሩን በትሪ ዘርግተሽ ልቀሚ። እማማ ስታስለቅመን «ጠጠር ነው» ትል ነበር። አሁን የምትፈልጊው የስንዴና የገብስ ፍሬ ነው። አልፎ አልፎ አይጠፋም። በርበሬውን ከኔ ውሰጂ፣ ቤት ያስፈጨሁት አለ። የሾርባ ኩብና አኩሪ አተር ሶስ ከመግዛትሽ በፊት ጀርባውን አንብቢ። ሶሱ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት።

ሰኞ
ቁርስ የጤፍ ጨጨብሳ፣ በቅቤና በበርበሬ። ቂጣውን ወፈር አድርጊው፤ ጤፍ ሲሳሳ ይሰባበራል። ለምሳ ዕቃሽ ሽሮ በእንጀራ። እራት ሩዝ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር፣ ላዩ ላይ አንድ ቅቅል እንቁላል።

ማክሰኞ
ቁርስ እንቁላል ፍርፍር በእንጀራና አንድ ሙዝ። ምሳ ምስር ወጥና ጎመን። ደም ማነስ አለብሽ ስለተባልሽ ይህን ምሳ አትዝለይው። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂ፤ ሎሚው ሰውነትሽ ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ይከለክላል፤ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ይሄ ላንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እራት የበሬ ሥጋ አልጫ በድንች።

ረቡዕ
ጾም ነው፤ ግን አንጀትሽ እስኪያገግም ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ እንዳትውይ። ለንስሐ አባትሽ አስረጂያቸው። ቁርስ የቡላ ገንፎ በዘይትና በበርበሬ። ምሳ ሽምብራ አሳ በእንጀራ። እራት ድንች በካሮት፣ ከቀይ ሥር ጋር። ማታ ሁለተኛውን ዙር እንጀራ ጋግሪ፤ የእሑዱ እያለቀ ነው።

ሐሙስ
ቁርስ የበቆሎ ቅንጬ በቅቤ። እርጎ ከተስማማሽ ጨምሪበት። ወተት ለጊዜው ሊነፋሽ ይችላል። አንጀትሽ ሲድን ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ «ወተትም ቀረብኝ» ብለሽ አታልቅሺ።

ምሳ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ውጭ ትወጫለሽ። እንጀራሽን ጠቅልለሽ በቦርሳሽ ያዢ። የምግብ ቤት እንጀራ «ንጹሕ ጤፍ ነው» ቢሉሽም አትመኚ። በደንብ የበሰለ ጥብስ እዘዢ፤ ዱቄትም ሶስም እንዳይገባበት ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለምግብ አብሳዩ አስነግሪ። ለብቻሽ በሳህን ይምጣልሽ። የመጀመሪያ ቀን ታፍሪያለሽ። ሦስተኛው ላይ ባልደረቦችሽ ራሳቸው ይናገሩልሻል። እራት የጎመን ክትፎ በቆጮ፣ ከአይብ ጋር።

ዓርብ
ቁርስ ሩዝ በተልባ። ምሳ ፉል፣ ግን በዳቦ ሳይሆን በእንጀራ። እራት ክክ አልጫና ሰላጣ። ቆሎ ካማረሽ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ራስሽ ቁይ። የሱቁ ከገብስ ጋር በአንድ ብረት ምጣድ ተቆልቶ ይሆናል።

ቅዳሜ
ቁርስ የጤፍ ቂጣ በማር። ምሳ የተረፈው ሁሉ ተሰብስቦ ፍርፍር ይሆናል። እራት ከልጆቹ ጋር ድንች ጥብስ ሥሪ። እነሱ ፓስታ ከበሉ ማንኪያውና ማጥለያው ያንተ የኔ ተብሎ ይለይ። ማጥለያ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ፓስታ ማጽዳት አይቻልም፤ ለራስሽ አዲስ ግዢ።

እሑድ
ዶሮ ወጥ እኔ ቤት፣ እንቁላሉም ሽንኩርቱም እንደ ድሮው። ትሪሽ ለብቻ ይቀርባል። ከባዱ ጉርሻው ነው። አክስታችን ሌላ እንጀራ በነካ እጇ ልታጎርስሽ ትነሳለች። እኔ ቀድሜ እነግራታለሁ። ከራስሽ ንጹሕ እንጀራ አንቺ አጉርሻት፤ ደስ ይላታል። ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁርባኑ የስንዴ ነው። እኔ በዚህ ብዙ ተጨንቄ ነበር። ዝም ብለሽ ከመቅረትሽ ወይም ዝም ብለሽ ከመቀበልሽ በፊት ሕመሙን ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። የምትወስጂያቸውን መድኃኒቶችም ለፋርማሲስቱ አሳዪ፣ አንዳንድ እንክብል ውስጥ የስንዴ ስታርች ሊኖር ይችላል።

ልጆቹን አስመርምሪያቸው። በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል፤ እኔና አንቺ ምስክር ነን። ግን እስኪመረመሩ ድረስ ዳቦውን አትከልክያቸው። ስንዴ ካቆሙ በኋላ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል።

ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ጤፉን አበጥረሽ፣ ነፍተሽ ነይ። ማዳበሪያው አዲስ ይሁን፤ ስንዴ የነበረበትን አታምጪ።