አጀንዳ 3

ዋናዋ ጸሐፊ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ቃለ ጉባኤ የመያዙ ሥራ ለሕይወት ደረሳት። ልጅቷ ቢሮው ውስጥ ገና አዲስ ናት። ዋናዋ ከመሄዷ በፊት አስቀምጣ መከረቻት።

«ንትርክ አትጻፊ። ማን ማንን ምን አለው የሚለው ለማንም አይጠቅምም። አጀንዳውን፣ የውይይቱን ፍሬ ሐሳብና ውሳኔውን ብቻ ያዢ። ካቃተሽ የድሮውን ፋይል ክፈቺና ቀኑን ቀይሪ። ሌላው እንዳለ ይቆይ።»

ብዙ ቢሮ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የማኔጅመንት ኮሚቴው የተሰበሰበው ጠዋት ነበር። አጀንዳ 3 ላይ ሲደርሱ ግን ምሳ ሰዓት አልፏል። ጉዳዩ ምድር ቤት ያለው የባለጉዳዮች መስኮት ነው። የፋይናንስ ኃላፊው አቶ ዳዊት መስኮቱ ይዘጋ፣ አገልግሎቱ 4ኛ ፎቅ ይውጣ፣ ባዶ የሚሆነው ቦታ ይከራይ ብለው አቀረቡ። ተከራይም አግኝተዋል።

የባለጉዳዮች አገልግሎት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ አልስማማም። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ግማሹ አዛውንት ነው። በክራንች የሚመጣ አለ። አራት ፎቅ በምን ይውጣ?»

«ሊፍት አለ እኮ» አሉ አቶ ዳዊት።

«ሊፍቱ ከሠራ ነዋ!» አለ ከጥግ የተቀመጠው የጥገና ክፍል ኃላፊ መኮንን። ሁሉም ሳቀ። ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይቆማል። መኮንን መለዋወጫ ይገዛልኝ እያለ ከጻፈ ቆይቷል።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። «እሱ ይጠገናል፤ እንለፍ። ተስማምተናል ማለት ነው።»

ማንም እጅ አላወጣም። ማንም እጅ አልቆጠረም። ወይዘሮ አስቴር የሆነ ነገር ሊሉ ሲከጅሉ ወንበሮች ተንቋቁ። ሕይወት ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በአጭር በአጭሩ ጻፈችው።

ማታ ቢሮው ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። አጀንዳ 1 እና 2 ቶሎ አለቁላት። 3 ላይ ቆመች።

መጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ ይላል፤ «አገልግሎቱ ወደ 4ኛ ፎቅ እንዲዛወርና ሊፍቱም እንዲጠገን ተወስኗል።» አነበበችው። ስህተት የለበትም። ግን ይህች «ሊፍቱም እንዲጠገን» የምትለው ነገር የት እንደምትቀር አወቀችው። የሚዛወረው ሰኞ ይዛወራል፤ የሚጠገነው አንድ ቀን ይጠገናል።

የሕይወት ጠረጴዛ ከዚያ መስኮት ፊት ለፊት ነው። በየወሩ መጀመሪያ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። መስኮቱ ጋ ደርሰው ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ እስኪያስደግፉ ድረስ ወረፋው ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ደረጃውን አሰበችው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ገለበጠችው።

«ሊፍቱ ተጠግኖ አስተማማኝ አገልግሎት መስጠት መጀመሩ በጥገና ክፍሉ በጽሑፍ ሲረጋገጥ አገልግሎቱ ወደ 4ኛ ፎቅ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ልቧ ትንሽ መታ። «በጽሑፍ» ያለ ሰው የለም። «ሲረጋገጥ» ያለም የለም። ግን ዳይሬክተሩ ይጠገናል ብለዋል አይደል? የማይጠገን ከሆነ ለምን አሉት? እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። ያመነችበትን ነገር እንደጻፈች ነው የተሰማት፤ ክፋት አልነበረባትም።

«በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ግን ጨርሶ አላሰበችበትም። ከድሮው ፋይል ላይ አብሮ የመጣ ነው። የወይዘሮ አስቴርን ንግግር ደግሞ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ» ውስጥ ከተተችው።

ቃለ ጉባኤው ዞረ፤ ሁሉም ፈረመ። ወይዘሮ አስቴር የፈረሙት ደረጃ ላይ ቆመው ነው፤ ባለጉዳይ እየጠበቃቸው ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ዳይሬክተሩ «ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ አስተያየት?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። ጸደቀ።

ነገሩ የታየው አቶ ዳዊት የዝውውሩን ቀን ለመቁረጥ ሲመጡ ነው። ተከራዩ ቸኩሏል። ዳይሬክተሩ ፋይሉን አስመጡና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«የመኮንን ማረጋገጫ የታለ?»

«የምን ማረጋገጫ?»

«የሊፍቱ ነዋ። በጽሑፍ ይረጋገጥ ብለን አልወሰንንም እንዴ?»

አቶ ዳዊት ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ፊርማቸው አለበት። ትንሽ ዝም አሉ። «አዎ… ልክ ነው። ብለን ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሕይወትን አስደነገጣት። ሰዎቹ ማስታወስ ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ለእንግዳ ሲያወሩ ሰማቻቸው፤ «እኔ ያን ቀን ሊፍቱ ሳይሠራ አንድ ባለጉዳይ ደረጃ አይወጣም ብዬ ጠረጴዛ መትቻለሁ።» የሰው ኃይል ኃላፊዋ መኮንን ረጅም ማብራሪያ እንደሰጠ ትዝ አላት። አቶ ዳዊት እንኳ ውለው አድረው ሐሳቡን ያመነጩት እሳቸው እንደሆኑ መናገር ያዙ። የሚዋሽ ሰው አልነበረም። ዓይናቸውን አይታ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንብበው፣ የጎደለውን ድምፅና ፊት ራሳቸው ሞሉበት።

መኮንን ለመለዋወጫው በጀት ተፈቀደለት። መስኮቱም ምድር ቤት እንዳለ ቆየ።

ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ለጥቂት ጊዜም ደስ ብሏታል።

አንድ ቀን ከሥራ መውጫ ላይ ወይዘሮ አስቴር የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ይዘው መጡ። አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሕይወትዬ፣ እኔ ያን ቀን ምን ነበር ያልኩት?»

«አልስማማም ነው ያሉት።»

ትልቅ ሰው እንዲህ ሲተነፍስ አይታ አታውቅም። «እግዜር ይስጥሽ። እኔ'ኮ ራሴን ተጠራጠርኩ። ክፍሌ ያሉት ልጆች ይህን አዩት። ‹እኛን መስኮቱን አላስነካም እያሉን እዚያ በሙሉ ድምፅ ተስማምተው ነው የወጡት› ይሉኛል። አልተስማማሁም ስላቸው ፊርማዬን ያሳዩኛል። ማታ ተኝቼ እንደገና አሰብኩት። ምናልባት አልተናገርኩም ይሆናል አልኩ። ምናልባት ልናገር አስቤ ትቼው ይሆናል።»

ሕይወት መሳቢያዋን ከፍታ ደብተሩን አወጣች። ገጹን ፈልጋ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ አስቴር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ወ/ሮ አስ.፤ አልስማማም፤ አዛውንት፤ ክራንች፤ በምን ይውጣ።»

«ታዲያ ይሄ ለምን አልገባም?»

«ንትርክ አይጻፍም ተብዬ…»

«አልስማማም ማለት ንትርክ ነው?»

መልስ አልነበራትም። ወይዘሮ አስቴር ግን ማንበባቸውን አላቆሙም። ጣታቸው ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። «ዳይ.፤ ይጠገናል፤ እንለፍ።» ገጹን ገለጡ። መልሰው ገለጡ። ኮፒውን አዩ።

«በጽሑፍ ይረጋገጥ ያለው ማነው?»

«ማንም» አለች ሕይወት። ድምጿ ወረደ። «እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ደብተሩን ዘግተው ቢመልሱላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። መስኮቱ ይቆያል፤ ሽማግሌው ደረጃ አይወጡም። ወይዘሮ አስቴር ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«አየሽ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «የኔን ቃል መልሺልኝ ብዬሽ ያንቺን ደብቂው ልልሽ አልችልም። አሁን የጻፍሽው ጠቀመን። ነገ አንዱ ሌላ መስመር ቢጨምርብን በምን አፋችን እንናገራለን?»

«መስኮቱን ቢዘጉትስ?»

«እከራከራለኋ። አሁንም አልስማማም።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። ዳይሬክተሩ ሻይ የምታዝ መስሏቸው በእጃቸው ቆይ አሏት። እጇን አላወረደችም።

«በአጀንዳ 3 ቃለ ጉባኤ ላይ ማስተካከያ አለኝ። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የማቀርበውም እኔ ነኝ።»

ደብተሯን ከፍታ እንዳለ አነበበችው። የአስቴርን ተቃውሞ፣ የሊፍቱን ሳቅ፣ «እንለፍ» የምትለውን። ከዚያ የማረጋገጫው ቅድመ ሁኔታ የተጨመረው በእሷ እንደሆነ ተናገረች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምጿ ግን አልተቆረጠም።

ቅጣት ጠብቃ ነበር። የመጣው ሌላ ነው።

«አይደለም፣ ተሳስተሻል» አሉ ዳይሬክተሩ። «እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

«አልጻፍሽው ይሆናል እንጂ ተብሏል» አሉ አቶ ዳዊት። «ልጅ ስለሆንሽ አምልጦሽ ነው። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ልትነግሪኝ ነው?»

መኮንን ብቻ አንገቱን ደፋ። «እኔ የማስታውሰው መሳቃችንን ነው» አለ።

ክርክሩ ረዘመ። ወይዘሮ አስቴር ተነስተው ልጅቷ ያነበበችው ትክክል እንደሆነ መሰከሩ፤ ቅድመ ሁኔታው የሚጠቅመው ራሳቸውን እንደሆነም አልደበቁም። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ እንዲህ አሉ፤ «በሙሉ ድምፅ የሚለው ይሰረዝ። የወይዘሮ አስቴር ተቃውሞ በስማቸው ይግባ። የሊፍቱ ነገር አሁን በግልጽ ድምፅ ይሰጥበት፤ ያኔ ተባለ አልተባለ የሚለው ይብቃን።»

እጅ ወጣ። በዚህኛው ቀን ተቆጠረ። ቅድመ ሁኔታው በ6 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ አለፈ። የተቃወሙት ወይዘሮ አስቴር ናቸው፤ ሊፍት ቢሠራም መስኮቱ ምድር ቤት ይቆይ ነው የሚሉት።

ሕይወት ቁጥሩን ጻፈች፤ ስሙንም ጻፈች። ከዚያ ወደ አቶ ዳዊት ዞረች።

«ይቅርታ አቶ ዳዊት። ‹በጆሮዬ ሰምቻለሁ› ያሉትን ይድገሙልኝ። ከነገሩ ጋር እንዳሉት ላስገባው።»

አቶ ዳዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ… እንደማስታውሰው ከሆነ ተብሎ ነበር፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊው።»

«እንደማስታውሰው ከሆነ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎም፣ በዚያው መስመር፣ ቀደም ሲል ያሉትን።