ባና፦ የቀረጻ ዝርዝርና የስቶሪቦርድ ማስታወሻ

ከበግ ጠጉር ስለሚሸመነው ወፍራም የብርድ ልብስ የ6 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም፤ ከሦስተኛውና ከመጨረሻው ስክሪፕት የተዘጋጀ
ቀረጻ፦ ታኅሣሥ 9 እና 10
ቦታ፦ ታርማበር አፋፍ፣ እንዲሁም ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለው የሸማኔው ቤት፣ ሰሜን ሸዋ

ለካሜራ፣ ለድምፅና ለኤዲቲንግ ባልደረቦቼ

ስክሪፕቱ ሲነበብ ያምራል። ችግሩ በሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ ሳነበው 9 ደቂቃ መፍጀቱ ነው። ስለዚህ ወደ ሾት ስቀይረው አንድ ሕግ ያዝኩ፤ እጅ እየሠራ የሚያሳየውን ተራኪው አይናገረውም። በዚህ ምክንያት ስለ ታርማበር ዋሻና ስለ ጣሊያን የሚያወራው አንቀጽ፣ የጓሳ ጭላዳዎችና የገበያው ትዕይንት ወጥተዋል። ጭላዳ የማይወድ ሰው የለም፤ ነገር ግን ባና አይሠራም።

«ሊጠፋ የተቃረበ ጥበብ» የሚለውንም ዐረፍተ ነገር ሰርዣለሁ። የሸማኔው ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ እየሸመነ እንዴት ጠፋ እንላለን?

ቅንብር፦ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ልክ አምፖል አይርገበገብብንም። ከትዕይንት 5 አንድ ሾት በስተቀር ስሎው ሞሽን የለም። ድሮንም የለም፤ በዚህ አገር ከሰማይ የሚጮህ ነገር ማንም አይወድም፣ በዚህ ላይ አንከራከርም። በስልክ ለሚታየው የቁም ቅጂ ሲባል እጆች ሁልጊዜ በፍሬሙ መካከለኛ ሲሶ ውስጥ ይሁኑ።

ትዕይንት 1። ታርማበር፣ ንጋት። 35 ሴኮንድ

ስክሪፕቱ፦ «ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ እየጠና፣ የሰዉም ልብስ እየወፈረ ይሄዳል።» ከተራኪው የሚቀረው ይህ ብቻ ነው።

1-ሀ። ሎንግ ሾት፣ ትራይፖድ፣ በዓይን ትይዩ፣ 12 ሴኮንድ። የሥዕሉ ታችኛ ሁለት ሲሶ ገደሉን የሞላ ጉም ነው። በቀኝ በኩል ባና የተከናነበ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን በአፋፉ ይሄዳል፤ ትንሽ ሆኖ ይታይ። ካሜራው አይንቀሳቀስም።
የስክሪን ጽሑፍ፣ በ5ኛው ሴኮንድ፣ ከግራ ታች፦ «ሰሜን ሸዋ፣ ታርማበር» ከሥሩም በትንሹ «ከፍታ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ»።

1-ለ። ሚድየም ሾት፣ ከኋላ፣ ካሜራ በእጅ፣ 8 ሴኮንድ። የባናው ጠርዝ በነፋስ ሲገለብ።

1-ሐ። ክሎዝ አፕ፣ ከጎን፣ 7 ሴኮንድ። እስከ አፍንጫ የተሸፈነ ፊት፤ ትንፋሹ ፀሐይ ውስጥ ይትነን። ይህን ለማግኘት ፀሐይ ከኋላው መሆን አለባት፤ ፊት ለፊት ከበራችበት ትንፋሹ አይታይም።

1-መ። በጣም ቅርብ፣ መሬት ላይ፣ 8 ሴኮንድ። ሣር ላይ የተጋገረ ውርጭ። ርዕሱ እዚህ ይገባል፦ «ባና»። አንድ ቃል፣ ነጭ፣ ያለ ጥላና ያለ እንቅስቃሴ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ እንሁን። ጉም ከሌለ አንጠብቅም፤ 1-መን ወደ ፊት አምጥተን በውርጩ እንጀምራለን። ባትሪ በኪሳችሁ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙ። አምና በዚህ አፋፍ ላይ ቦርሳ ውስጥ ያሳደርናቸው ሦስት ባትሪዎች አንድ ሰዓት ሳይሞላ አልቀው፣ ፀሐይ ስትወጣ ቆመን ያየናት በዓይናችን ብቻ ነው።

ትዕይንት 2። ግቢ፣ ሽልታ። 45 ሴኮንድ

የሚሸለተው አንድ በግ ብቻ ነው። በዚህ ብርድ መንጋውን ራቁቱን እንዲያስቀሩልን አንጠይቅም፤ የቀረው ጠጉር ከቤት ተቀምጦ ይጠብቀናል። ስለዚህ ሾቱ አንዴ ነው፣ ድገሙልን የለም።

2-ሀ። ከታች ወደ ላይ፣ በበጎቹ ቁመት፣ 10 ሴኮንድ። በሩ ሲከፈት በጎቹ በካሜራው አጠገብ ያልፋሉ። ከበስተጀርባ የድንጋዩ ቤትና የጓሳ ሣር ክዳኑ ይታይ።

2-ለ። ሚድየም፣ ከዚያ ሳይቆረጥ ቀስ ብሎ ወደ መቀሱ መጠጋት፣ 20 ሴኮንድ። የመቀሱ ድምፅ ይቀዳ፤ ሙዚቃ አይገባም።

2-ሐ። ከላይ ወደ ታች፣ 15 ሴኮንድ። ጥቁሩና ነጩ ጠጉር ለየብቻ ሲከመር። ተራኪው፦ «ጥቁሩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ።» ይበቃል።

ትዕይንት 3። ቤት ውስጥ፣ መንደፍና መፍተል። 100 ሴኮንድ

የፊልሙ ልብ ይኸኛውና ትዕይንት 5 ናቸው። በስክሪፕቱ «ፈታይዋ» የተባሉትን እኛ እማማ ነው የምንላቸው፤ በስክሪን ላይም ያለ ፈቃዳቸው ስማቸው አይጻፍም።

ከመግባታችን በፊት፦ ውጭው ብርድ፣ ውስጡ ምድጃ ነው። ካሜራውን ከውጭ ሳላችሁ በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አስገቡት፤ እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ያህል አትፍቱት። ያለበለዚያ ሌንሱ ጤዛ ይይዝና እማማን ከጉም ውስጥ እንቀርጻቸዋለን። ያንን ጊዜ ቡና ለመጠጣት ተጠቀሙበት፤ የቀረበ ቡና ሳይጠጡ ካሜራ መደቀን ነውር ነው።

3-ሀ። ሚድየም፣ ከጎን፣ 15 ሴኮንድ። እማማ ጠጉሩን በደጋን ሲነድፉ። የበሩ ብርሃን ከኋላ ይምጣ፤ የሚበነው ብናኝ የሚታየው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው። ተጨማሪ መብራት አታብሩ። ድምፅ፦ ማይክሮፎኑ ወደ ጅማቱ ይጠጋ፤ «ድም፣ ድም» የሚለውን ከትዕይንት 2 መጨረሻ ጀምረን ሥዕሉ ሳይመጣ እናሰማዋለን።

3-ለ። በጣም ቅርብ፣ 10 ሴኮንድ። የተነደፈው ጠጉር በመዳፍ ተጠቅልሎ አመልማሎ ሲሆን።
የስክሪን ጽሑፍ፦ «አመልማሎ፦ ለመፈተል የተዘጋጀ ጠጉር»። ወጣቱ ተመልካች ቃሉን ላያውቀው ይችላል።

3-ሐ። ክሎዝ አፕ፣ ሳይቆረጥ፣ 30 ሴኮንድ። ይህን ሾት በደንብ አስቡበት። ከላይ በቀኝ እጃቸው አመልማሎው፣ ከታች እንዝርቱ፣ በመካከል ገና እየተወለደ ያለ ክር። ካሜራው ከጣቶቹ ይጀምርና ክሩን ተከትሎ ወደ እንዝርቱ ይወርዳል፣ ክሩ ሲጠቀለል ደግሞ አብሮ ይወጣል። ፍጥነቱን የሚወስኑት እማማ ናቸው። ክሩ ከተበጠሰ አታቁሙ፤ የሚቀጥሉበትን መንገድ ማየት ከማይበጠስ ክር ይበልጣል። በስክሪፕቱ እዚህ ቦታ ላይ ስለ ትዕግሥት ስድስት መስመር ነበር። አንዱም አይነበብም።

3-መ። ቃለ መጠይቅ፣ ሚድየም ክሎዝ አፕ፣ በዓይናቸው ትይዩ፣ 30 ሴኮንድ። እሳቸው ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ስለሚሆኑ ትራይፖዱም ዝቅ ይበል፤ ከላይ ቁልቁል አንቀርጻቸውም። ጠያቂው ከካሜራው ግራ ይቀመጥ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «እማማ፣ የመጀመሪያውን ክር ሲፈትሉ ማን ነበር ያሳየዎት?» ከዚያ ዝም በሉ። መልሱ ቢረዝምም ቅረጹት፤ የሚቆርጠው ኤዲተሩ ነው። እየተናገሩ ቢፈትሉ አታስቁሟቸው።

3-ሠ። ቢ-ሮል ለቃለ መጠይቁ መሸፈኛ፣ አምስት ሾት፣ እያንዳንዱ 3 ሴኮንድ፦ ቅርጫት ውስጥ የተደረደረ ልቃቂት፤ ጭስ የጠገበ ወጋግራ፤ ጀበና፤ ደፍ ላይ የቆመች ዶሮ፤ ሥራ የበዛበት አውራ ጣት። ለደኅንነቱ እያንዳንዱን ለ10 ሴኮንድ ቅረጹ። ወተትና ቅቤ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ፤ የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ዐይኑ ስል የሆነ ተመልካች ወዲያው ያነሣዋል።

ትዕይንት 4። ሸማኔው። 80 ሴኮንድ

4-ሀ። ሎንግ ሾት፣ ከበሩ፣ 10 ሴኮንድ። አባባ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል፤ የተዘረጋው ድር ከእሳቸው ወደ ካሜራው ይመጣል።

4-ለ። ከላይ ወደ ታች፣ 15 ሴኮንድ። ድሩና ማጉ ሲገናኙ፤ ሥዕሉን መስመርና መስመር ብቻ ይሙላው።
የስክሪን ጽሑፍ በሁለት ጊዜ፦ «ድር» ከቁመቱ ጎን፣ ከ4 ሴኮንድ በኋላ «ማግ» ከወርዱ ጎን።

4-ሐ። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ፣ 15 ሴኮንድ። እግራቸው ሲረግጥ። ትንሿ ካሜራ ትግባ፤ አባባ ሳይቀመጡ በፊት አስገቡ እንጂ በእግራቸው መካከል አትርመጥመጡ።

4-መ። ከጎን፣ 20 ሴኮንድ። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ካሜራው አይከተለው። ፍሬሙን አስፍታችሁ ቁሙ፤ ዓይን ራሱ ይከተለዋል። ኤዲተር፦ በዚህ ምት ላይ ከ4-ለ ጋር እያፈራረቅህ ቁረጥ።

4-ሠ። በአባባ ትከሻ አሻግሮ፣ 20 ሴኮንድ። ልጃቸው ሲሸምን፤ አባባ አንድ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ክር ያስተካክላሉ። ይህን ባለፈው ስንጎበኝ አይቼዋለሁ፤ ሳይጠየቁ ነው ያደረጉት። አሁንም አትጠይቁ፣ ጠብቁ። ካልመጣ ልጁ ብቻውን ይበቃናል።

ትዕይንት 5። መርገጥ። 60 ሴኮንድ

ስክሪፕቱ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎት ነበር፦ «ከዚያም ታጥቦ ለአገልግሎት ይውላል።» ከሽመና የወረደው ጨርቅ ግን ገና ባና አይደለም፤ ዐይኑ የላላ ነው። ውሃ ውስጥ በእግር ተረግጦ ጠጉሩ እርስ በርስ ሲያያዝ ነው የሚጠብቀውና የሚወፍረው፤ ነፋስ የማያሳልፈውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰጥቼዋለሁ።

5-ሀ። ክሎዝ አፕ፣ መሬት ላይ፣ 35 ሴኮንድ። ሁለት ጥንድ እግሮች፣ እርጥብ ባና፣ እንፋሎት። የመጀመሪያው 20 ሴኮንድ በመደበኛ ፍጥነት ከነሙሉ ድምፁ፤ የቀረው 15 በሴኮንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ ግማሽ ፍጥነት ይሁን። ተራኪው ከአጋማሹ በኋላ፦ «ሸማኔው የለቀቀውን እግር ያጠብቀዋል።»

5-ለ። ሚድየም፣ ከታች ወደ ላይ፣ 15 ሴኮንድ። የረጋጮቹ ፊት፤ እየተሳሳቁ ከሆነ ሳቁን ያዙት።

5-ሐ። ቅርብ፣ 10 ሴኮንድ። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ።

ትዕይንት 6። ማታ። 40 ሴኮንድ

6-ሀ። ሎንግ ሾት፣ ውጭ፣ 15 ሴኮንድ። ፀሐይ ከገባች ከ15 ደቂቃ በኋላ፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ በሩ ቢጫ። የቀለም ሚዛኑ 5600 ላይ ይቆለፍ፤ ካሜራው በራሱ እንዲያስተካክል ከተውነው የእሳቱን ሙቀት ያጠፋዋል።

6-ለ። ሚድየም፣ ትራይፖድ፣ 25 ሴኮንድ። መደብ ላይ የልጅ ልጃቸው ተኝታለች። እማማ ባናውን ያለብሷትና ከፍሬም ይወጣሉ። ሥዕሉ ለ10 ሴኮንድ እንዲሁ ይቆይ። የእሳት ድምፅ ብቻ። የምስጋና ጽሑፉ በጥቁር ላይ እንጂ በልጅቷ ላይ አይመጣም። ለዚህ ሾት የእናቷን ፈቃድ አስቀድሜ ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ ልጅቷ ካልተኛች ግን አናስተኛትም፣ የታጠፈውን ባና በመደቡ ላይ ቀርጸን እንወጣለን።

ለኤዲተር ብቻ፦ ፎንቱ Noto Sans Ethiopic ይሁን፤ በትንሽ ስልክ ላይ «ነ» እና «ኘ» መለየታቸውን ሳታይ አትላክ። በስክሪፕቱ አንድ ቦታ «ፀጉር»፣ ሌላ ቦታ «ጠጉር» ተብሏል። በስክሪኑ ሁሉ «ጠጉር» ነው፤ እማማ የሚሉት እንዲያ ነው።

ምሳ ሁለቱንም ቀን ሽሮ። ከደብረ ብርሃን የምንነሣው ታኅሣሥ 9 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ጓንት የረሳ ሰው ትራይፖዱን ይሸከማል።