የ2ኛውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ማስረከብን ስለማስታወስ

ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለፕሮጀክቱ ቡድን አባላት በሙሉ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንኳን ከጥምቀት በዓል በሰላም ተመለሳችሁ። ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት እስከ ዓርብ ጥር 8 ቀን እንዲገባ ተስማምተን እንደነበር ይታወሳል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ከአራቱ ክፍሎች የሁለቱ ደርሶኛል፤ ስለ ጥንቃቄያቸው ከልብ አመሰግናለሁ። የቀሩትን ክፍሎች ኃላፊዎች በግል ስለማነጋግር ስማቸውን እዚህ መጥቀስ አላስፈለገኝም።

የታኅሣሥ ወር ሒሳብ ተዘግቶ ከፋይናንስ የወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ የበጀት አጠቃቀም ሠንጠረዡን በአንድ ቀን ሞልቶ መጨረስ ከባድ እንደነበር እረዳለሁ። ከዚያም ከተራና ጥምቀት ተከታተሉ፤ ቢሯችን አራት ኪሎ እንደመሆኑም ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ በሚወርዱበት ጊዜ ገብቶ መሥራት እንደማይታሰብ ሁላችንም እናውቃለን።

ምናልባት ሪፖርቱን ያዘገየው የቁጥሩ ማነስ ከሆነ፣ በዚህ ምክንያት ማንም እንዳይጨነቅ አደራ እላለሁ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ምክንያት ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች የተዛወሩ ሠልጣኞች ሥልጠናቸውን ማቋረጣቸው የማንም ስንፍና አይደለም። 60 ሰው ለማሠልጠን ታቅዶ 41 ከሠለጠነ፣ 41 ብላችሁ ጻፉና ምክንያቱን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። የቀጣዩን ሩብ ዓመት ዕቅድ ማስተካከል የምንችለው እውነተኛውን ቁጥር ስናውቅ ብቻ ስለሆነ፣ ዝቅ ያለ አፈጻጸም በግልጽ ሲቀርብልኝ እንደ ጥሩ ሥራ እቆጥረዋለሁ።

የተጠቃለለው ሪፖርት ረቡዕ ጥር 20 ቀን ለማኔጅመንት ይቀርባል። የሠልጣኞችን የትራንስፖርት አበል ጨምሮ የ3ኛው ሩብ ዓመት ገንዘብ የሚለቀቀው በዚያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ የአንዱ ክፍል መዘግየት የሁሉንም ሥራ ይይዛል።

ስለዚህ የቀሩት ሪፖርቶች እስከ ዓርብ ጥር 15 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እንዲደርሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሙሉውን ማድረስ የማይቻል ከሆነ፣ ቁጥሮቹ የተሞሉበትን ሠንጠረዥ በዚያው ቀን አስቀድማችሁ ላኩልኝና የጽሑፍ ማብራሪያውን ሰኞ ጥር 18 ቀን ጠዋት ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ጊዜ ቢሮ ስለምገኝ፣ ሠንጠረዡን አብረን መሙላት የሚፈልግ ሁሉ ቀጠሮ ሳይዝ መምጣት ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ አስተባባሪ