የሣጥናችን ብድር ሒሳብ፦ የሳባ 40,000 ብር እስከ ሐምሌ

ወዳጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? እሑድ ዕለት ስለ ብድሩ ወለድ ብዙ አውርተን ሳንስማማ ተለያየን። ዳኛችን ጸሐፊው ቁጥሩን ጽፎ ያሳየን ስላለ ይኸው። ብሩ የሁላችንም ነውና እያንዳንዱን መስመር በካልኩሌተር ፈትሹልኝ።

መጀመሪያ ሁለቱን ገንዘቦች አናደባልቃቸው። እቁቡ ወለድ የለውም። 12 ሰው በየወሩ 5,000 ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት 60,000 ይወስዳል። ወለድ ያለው በወር 1,000 በምንጥልበት የብድር ሣጥን ላይ ነው። ሁለት ጓደኞቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ አይበሉም፣ አይከፍሉምም። የእነሱ ብር ለብቻው ይቀመጣል፤ ለዚህ ብድር አይነካም፤ በዙሩ መጨረሻ የጣሉትን ያህል ያነሳሉ። የቀረነው 10 ሰዎች ከመስከረም እስከ ጥር የጣልነው 50,000 ደርሷል። ሳባ ከዚህ ላይ ጥር 10 ቀን 40,000 ትወስዳለች፤ በወር 2 በመቶ፣ በ6 ወር ተከፍሎ የሚያልቅ።

አሁን ወደ ክርክሩ። አንዳንዶቻችሁ 2 በመቶውን በየወሩ ከ40,000 ላይ እናስብ ብላችኋል። እንደዚያ ከሆነ በወር 800፣ በ6 ወር 4,800 ብር ወለድ ይመጣል። እኔ አልስማማም። ሳባ በሰኔ እጇ ላይ የሚቀረው 14,000 እንኳን አይሞላም፤ ታዲያ ለምን የ40,000 ወለድ ትከፍላለች? የመለሰችው ብር ሣጥናችን ውስጥ ገብቶ ለሌላ ሰው ሊበደር ነው። ወለድ መታሰብ ያለበት በቀሪው ዕዳ ላይ ነው።

በየወሩ እኩል እንድትከፍል ስናደርገው ክፍያው 7,141 ብር ይሆናል። ኤክሴል ያለው ሰው ይህን ይጻፍ፤ 7,141.03 ይሰጠዋል፦

```
=PMT(0.02,6,-40000)
```

ሳንቲሙን ለመጨረሻው ወር ትተነዋል። ክፍያው በየወሩ በ10ኛው ቀን ነው፦

የካቲት፦ ወለድ 800.00፣ ከዋናው 6,341.00፣ ቀሪ 33,659.00
መጋቢት፦ ወለድ 673.18፣ ከዋናው 6,467.82፣ ቀሪ 27,191.18
ሚያዝያ፦ ወለድ 543.82፣ ከዋናው 6,597.18፣ ቀሪ 20,594.00
ግንቦት፦ ወለድ 411.88፣ ከዋናው 6,729.12፣ ቀሪ 13,864.88
ሰኔ፦ ወለድ 277.30፣ ከዋናው 6,863.70፣ ቀሪ 7,001.18
ሐምሌ፦ ወለድ 140.02፣ ከዋናው 7,001.18፣ ቀሪ 0 (የዚህ ወር ክፍያ 7,141.20)

አሠራሩ ቀላል ነው። ያለፈውን ወር ቀሪ በ0.02 ታባዛላችሁ፤ ያ ወለዱ ነው። ከ7,141 ላይ ወለዱን ስትቀንሱ የተረፈው ዋናውን ይቀንሳል። ጠቅላላ ወለዱ 2,846.20 ነው። ከ4,800 ጋር ሲተያይ 1,953.80 ብር ልዩነት አለው። ይህ ለጓደኛ ትንሽ ብር አይደለም። ወለዱ ለ10 ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 284.62 ይደርሰናል፤ ሳባም ራሷ ከ10ሩ አንዷ ስለሆነች ድርሻዋን ታገኛለች።

አንድ ወር ካመለጣትስ? የወለድ ወለድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ በሚያዝያ ምንም ሳትከፍል ብትቀር 543.82ቱ ዋናው ላይ ይደመርና ዕዳው 27,735 ይሆናል። የግንቦት ወለድ 411.88 መሆኑ ይቀርና 554.70 ይሆናል። ጊዜውን አንድ ወር አራዝመን ከግንቦት እስከ ነሐሴ በ4 ወር ብናካፍለው ወርሃዊ ክፍያው ወደ 7,284 ይወጣል፤ በድምሩ 571 ብር ገደማ ተጨማሪ ወለድ ትከፍላለች። ከዚህ ሌላ ቅጣት እንዳንጨምር አደራ እላለሁ። ሣጥኑ የዘገየበትን ወለዱ ራሱ ይክሰዋል። በወር 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ምንም ሳይከፈል ዓመት ቢቆይ ግን እየተደራረበ 26.82 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ እንደሚያስቸግራት ካወቀች ቀደም ብላ ትንገረን፤ ግማሹን እንኳን ብትከፍል ይሻላታል።

ቀድሞ መክፈል ይቻላል፣ ቅጣትም የለውም። ሳባ ዕጣዋ ገና አልወጣም። የሚያዝያን ክፍያ ከከፈለች በኋላ በዚያው ወር ቢወጣላት 20,594ቱ ከ60,000 ላይ ተቀንሶ 39,406 በእጇ ይገባል፤ የቀሩት ሦስት ወራት ወለድ 829.20 ብርም ይቀርላታል። ዕጣዋ ስላልወጣ ዋስ አልጠየቅናትም። ዕጣ የወጣለት ሰው ሲበደር ግን ገና ካልወጣላቸው መካከል አንድ ዋስ ያምጣ።

ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ጥር 8 ማታ ይጻፍልኝ። ዝም ካላችሁ እንደተስማማችሁ እቆጥራለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ጥር 10 ጠዋት ብሩን ወደ ሳባ ሒሳብ ታስገባለች። ደረሰኙን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።