የሱሉልታው የወተት ዳታ፦ ራንደም ኢፌክቱ፣ የሞዴል ምርጫውና ያ ኮንቨርጀንስ ዋርኒንግ

ሰላም ዶክተር፣ እንዴት ሰነበትክ። የወተቱን ሞዴል እንዴት እንደሰራሁት በጽሁፍ ላክልኝ ብለህ ነበር፣ ለአማካሪህም የምታሳየው ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ፣ ቸኩለህ ከሆነ መሀል ላይ ያለውን ኮድና ከስሩ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ እይ።

ዳታው እንደምታውቀው ሱሉልታ ዙሪያ ካሉ 6 እርባታዎች 58 ላሞች፣ በየሁለት ሳምንቱ የጠዋትና የማታ ወተት ተደምሮ 12 ዙር ነው፣ ሁሉም ቢሟላ 696 መስመር ይሆን ነበር ያለን ግን 641 ነው። በየእርባታው ግማሾቹ ላሞች ከድርቆሹና ከፉርሽካው ሌላ ተጨማሪ የኑግ ፋጉሎ ያገኛሉ፣ ደግሞ አንዲት ላም አንዴ ከተመደበች እስከ መጨረሻው እዛው ምድብ ውስጥ ናት። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉም በላይ ወሳኝ ናት፣ ምክንያቱም መኖው በላሞች መሀል ነው የሚለያየው፣ በአንዷ ላም ውስጥ አይለያይም። ስለዚ የመኖውን ውጤት ለመለካት ያለን መረጃ 58 ላም ነው እንጂ 641 መስመር አይደለም።

ይሄን በቁጥር ላሳይህ። ዝም ብዬ ላሟን ሳልቆጥር በተራ ሪግሬሽን ስሰራው የመኖው ስታንዳርድ ኤረር 0.018 ነው፣ ላሟን ራንደም ሳደርጋት 0.048 ይሆናል። ግምቱ ሁለቱም ጋር 0.11 አካባቢ ነው ማለትም ቲው ከ6 ወደ 2.3 ወረደ። አማካሪህ "ለምን ውጤታችን ደከመ" ካሉህ መጀመሪያውኑ ጠንካራ አልነበረም በላቸው፣ አንዷን ላም 12 ጊዜ ስለመዘንናት 12 ላም አትሆንም።

አሁን ራንደም ኢፌክቶቹን አንድ በአንድ።

ላም፦ ኢንተርሴፕት አላት፣ አንዷ ከተፈጥሮዋ ብዙ ታልባለች ሌላዋ ትንሽ። ስሎፕም አላት፣ ከወለደች በኋላ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ወተቱ በሁሉም ላይ እኩል አይቀንስም። የመኖ ስሎፕ ግን በላም ደረጃ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ አንዷ ላም ሁለቱን መኖ ስላልቀመሰች። አንድ ነገር ደግሞ፣ አንተ ኤክሴሉ ላይ ላሞቹን በስማቸው ነው የጻፍካቸው፣ "ቡሬ" የምትባል ሶስት እርባታ ውስጥ አለች፣ "ዳለቻ" ሁለት ቦታ። እንዲሁ ብንሰጠው ሶስቱን ቡሬዎች አንድ ላም አድርጎ ይቆጥራቸዋል፣ ዋርኒንግም አይሰጥም። ስለዚ የእርባታውን ቁጥር ከስሙ ጋር አያይዤ አዲስ መለያ ሰርቻለሁ፣ `cow` የሚለው ኮለም እሱ ነው።

የእርባታና የቀን ጥምር፦ በአንድ ቀን በአንድ እርባታ የተለኩ ላሞች የጋራ ነገር አላቸው፣ ዝናብ ጥሎ ሊሆን ይችላል፣ አላቢው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ከዙሮቹ የተወሰኑት ሁዳዴ ውስጥ ናቸው፣ በጾም የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ መኖ የሚቀንስ እርባታ እንዳለ አንተው ነህ የነገርከኝ። ያ ሁሉ በዛ ቀን እዛ እርባታ ያሉትን ላሞች በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚያወርደው። ይሄን ካልያዝነው ቀሪው ስህተት ውስጥ ይገባና ላሞቹ የማይገናኙ ያስመስላቸዋል። 72 የእርባታ ቀን አለን፣ ለራንደም በቂ ነው።

እርባታ፦ እዚ ላይ ከአማካሪህ ጋር ሳንለያይ አንቀርም። እሳቸው ራንደም ይሁን ብለዋል፣ እኔ ፊክስድ አድርጌዋለሁ። ቫሪያንስ ከ6 ነገር ሲገመት በጣም የሚዋልል ቁጥር ነው የሚመጣው፣ ደግሞ እርባታዎቹ በእጣ የተመረጡ አይደሉም፣ መኪና የሚገባባቸውና ባለቤቶቹ እሺ ያሉት ናቸው። ፊክስድ ማድረጋችን ዋጋ አለው፣ "ሱሉልታ ያሉ እርባታዎች ሁሉ" ማለት አንችልም፣ እነዚህ 6ቱ ነው የምንለው። እኔ ይሄን ብንጽፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

የወተት ኩርባውን ከዉድ ነው የወሰድኩት፣ በፈረንጅ 1967 ያወጣው ቀመር፣ ወተት ከወለደች በኋላ ከፍ ብሎ ከዛ ቀስ እያለ የሚወርድበት። ደስ የሚለው ሎግ ሲወሰድበት ቀጥ ያለ ሊኒየር ሞዴል ይሆናል፣ የቀኑ ሎግና ቀኑ ራሱ ሁለት ተርም ሆነው ይገባሉ። (በነገራችን ላይ ሚክስድ ሞዴልን እዚህ ያደረሰው አንዱ ሰው ሄንደርሰን ነው፣ ኮርኔል ሆኖ የከብት ዝርያ ማሻሻያ ላይ ሲሰራ የነበረ፣ ስለዚ ዘዴው ለላም ባዳ አይደለም።)

አሁን ወደ ዋርኒንጉ። መጀመሪያ ያስገባሁት ትልቁን ነው፣ ለላም ኢንተርሴፕት፣ የቀን ስሎፕና የሎግ ቀን ስሎፕ ከነኮሪሌሽናቸው፣ ይሄ ለላም ብቻ 6 ፓራሜትር ነው። የመጣው ይሄ፦

```
Model failed to converge with max|grad| = 0.0147 (tol = 0.002, component 1)
Model is nearly unidentifiable: very large eigenvalue
 - Rescale variables?
```

ሰው ይሄን ሲያይ ወዲያው ስሎፕ መቁረጥ ይጀምራል፣ ዋርኒንጉ እስኪጠፋ። እኔ እዛ ውስጥ አልገባም፣ ምክንያቱም እንደዛ ከተሄደ ሞዴሉን የመረጠው ኮምፒውተሩ ነው የሚሆነው። ይሄኛው ዋርኒንግ የሚለው ስኬል ነው፣ ቀኑ እስከ 300 ይሄዳል ሎጉ ግን 6 እንኳን አይሞላም። ከቀኑ ላይ 100 ቀንሼ ለ100 አካፈልኩት፣ ሁለቱም ጠፉ። ዜሮው 100ኛ ቀን ላይ መሆኑ ለትርጉምም ይጠቅማል፣ ኢንተርሴፕቱ "በ100ኛው ቀን" ማለት ይሆናል፣ በወለደችበት ቀን ማለት ቢሆን ኖሮ ማንም ያልለካው ነገር ነው።

ከዛ በኋላ ግን ሌላ መጣ፦

```
boundary (singular) fit: see help('isSingular')
```

ይሄ ከላይኛው ጋር አንድ አይደለም። ኮንቨርጅ አድርጓል፣ መልሱ ግን ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው፣ የሆነ ቫሪያንስ ዜሮ ሆኗል ወይም ኮሪሌሽን 1 ወይም -1 ገብቷል። `VarCorr` ሳይ የሎግ ቀንና የቀን ስሎፖች ኮሪሌሽን -1.00። `allFit` አድርጌ በሁሉም ኦፕቲማይዘር ሞከርኩት፣ ላይክሊሁዱ እስከ ሶስተኛ ዴሲማል አንድ ነው። ኦፕቲማይዘር መቀየር ምንም አያመጣም ማለት ነው፣ ችግሩ ዳታው ውስጥ ነው።

ምን እንደሆነ ለማየት የእያንዳንዷን ላም መጀመሪያ ቀን ሳወጣ፣ አብዛኞቹ የገቡት ከወለዱ ሁለት ወር ካለፋቸው በኋላ ነው። የኩርባው መውጫና ጫፍ ያለው ከዛ በፊት ነው፣ ከዛ በኋላ የቀኑ ሎግና ቀኑ አብረው ነው የሚሄዱት። ስለዚ ለየአንዳንዷ ላም "የአወጣጥሽና የአወራረድሽ ልዩነት ስንት ነው" ብለን ብንጠይቅ አወጣጡን አላየንም። ለሁሉም የጋራ የሆነውን ሎግ ተርም ግን ቀድመው የገቡት ላሞች ስላሉ ፊክስድ ላይ መገመት ይቻላል፣ እሱ ሞዴሉ ውስጥ ይቆያል። የወደቀው የላም ደረጃው የሎግ ስሎፕ ብቻ ነው፣ የወደቀበትም ምክንያት ይሄ ነው፣ እንደዚሁ ይጻፍ።

ኮሪሌሽኑን ብቻ በ`||` ማጥፋትም አለ። አልወደድኩትም፣ ዜሮውን የት እንዳደረግክ ይወስነዋል፣ በ100ኛው ቀን ላይ ኮሪሌሽን የለም ያልከው በ60ኛው ላይ አለ ማለት ነው። ለማየት ያህል ሞከርኩት፣ የሎግ ስሎፕ ቫሪያንሱ ዜሮ ሆኖ መጣ፣ ያው።

የቀረው ሞዴል፦

```r
d$t100   <- (d$dim - 100) / 100
d$logdim <- log(d$dim / 100)
m <- lmer(log(milk) ~ feed * t100 + logdim + parity + farm +
            (1 + t100 | cow) + (1 | farm:day),
          data = d, REML = TRUE)
```

ምንም ዋርኒንግ የለውም። በሎግ ስኬል የላም ኤስዲ 0.18፣ የስሎፑ በ100 ቀን 0.07፣ ኮሪሌሽናቸው 0.2፣ የእርባታ ቀን 0.06፣ ቀሪው 0.12። የመኖው ልዩነት በ100ኛው ቀን 0.11፣ 95% ኢንተርቫሉ ከ0.01 እስከ 0.21፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ በሳተርትዌይት 50 አካባቢ። ወደ ሊትር ሲመለስ 12% ገደማ ጭማሪ ነው፣ ግን ከ1% ትንሽ በላይም ሊሆን ይችላል 23%ም ሊሆን ይችላል፣ ለገበሬው ፋጉሎ ግዛ ለማለት ይሄ ስፋት ያሳስባል።

ምርጫው ላይ አማካሪህ የሚጠይቁህ ነገር፦ የላም ስሎፕ ያለውንና የሌለውን ያወዳደርኩት በሬምል ነው፣ ፊክስዱ አንድ አይነት ስለሆነ ይቻላል። `anova` ግን ዝም ካልከው በራሱ ወደ ኤምኤል ቀይሮ ነው የሚሰራው፣ `refit = FALSE` ማለት አለብህ። ልዩነቱ 14.2 መጣ። ቫሪያንስ ከዜሮ በታች ስለማይሄድ ፈተናው ጠርዝ ላይ ነው፣ የተለመደው ካይስኩዌር በ2 ዲግሪ ፒውን ያጋንነዋል፣ የ1ና የ2 ዲግሪ ግማሽ ግማሽ ቅልቅል ነው ትክክለኛው፣ እኛ ጋር በሁለቱም ከ0.001 በታች ስለሆነ ክርክር የለውም። የእርባታ ቀኑን ግን በፒ አልመረጥኩትም፣ አለካኩ ራሱ ያመጣው ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ይቆያል። የመኖና የቀን ኢንተራክሽንም ፕሮፖዛልህ ላይ ስላለ ፒው ትልቅ ሆነም አልሆነም አላወጣውም። ፊክስዶቹ የሚለያዩ ሞዴሎችን በሬምል ኤአይሲ ማወዳደር አይሆንም፣ ያንተ ድራፍት ላይ ያለችው ቴብል እንደዛ ናት፣ አውጣት።

ቀሪው ላይ በየሁለት ሳምንቱ የተከታተለ ኮሪሌሽን አለ ወይ ብዬ `glmmTMB` ላይ `ar1` ጨምሬ አይቼዋለሁ፣ ስሎፑ ካለ በኋላ የቀረው ትንሽ ነው፣ የመኖው ቁጥርም አልተነቃነቀም። መኖውን ከእርባታው ጋርም ኢንተራክት አድርጌ አየሁ፣ አንዱ እርባታ ብቻውን ውጤቱን እየጎተተው አይደለም።

የጎደሉት 55 መስመሮች፣ ሞዴሉ የጎደለውን ሳይሞላ ባለው ይሰራል፣ ይሄ የሚሆነው ግን መጉደሉ ከታየው ወተት ጋር እንጂ ካልታየው ጋር ካልተያያዘ ነው። መሀል ላይ የተሸጡት ሶስት ላሞች ወተታቸው እየወረደ መጥቶ ከሆነ ቀድመን ስላየነው ችግር የለም፣ ግን ድንገት ጡት ታመው በዛው ሳምንት ከተሸጡ ሌላ ነገር ነው። ሶስቱም የተጨማሪ መኖ ምድብ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚ ለባለቤቶቹ ደውልና ለምን እንደሸጧቸው ጠይቅልኝ። እግረ መንገድህን 4ኛው እርባታ የወለዱበትን ቀን በፈረንጅ ነው ወይስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈው እሱንም አጣራ፣ ሁለት ላሞች ከመውለዳቸው በፊት እየታለቡ ነው የሚለኝ፣ ለጊዜው ባዶ አድርጌያቸዋለሁ፣ ትክክለኛውን ስትልክልኝ ድጋሚ አስኬደዋለሁ።