የቱሉ ዲምቱ እና የኮዬ ፈጬ የኢንተርኔት መቋረጥ፦ ማክሰኞ ሐምሌ 14

ከጠዋቱ 2፡25
ውድ ደንበኞቻችን፣ ከጠዋቱ 2፡10 ጀምሮ በቱሉ ዲምቱ እና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ኢንተርኔት ተቋርጧል። ብልሽቱ በእኛ መስመር ላይ ነው፤ የእናንተ መሣሪያ ምንም አልሆነም። LOS የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ቢታያችሁ እባካችሁ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ አትንኩ፤ የተሞላው መረጃ ከጠፋ መስመሩ ሲመለስም ኢንተርኔት አታገኙም። ምክንያቱን ገና አላወቅንም፤ ባለሙያዎቻችን ወጥተዋል። በ3፡00 እንመለሳለን።

3፡00
ከቢሮ ሆነን ባደረግነው ልኬት የፋይበር መስመሩ 3.2 ኪሎ ሜትር ላይ ተቆርጧል። ቦታውን በዓይናችን ሳናይ የሚመለስበትን ሰዓት አንናገርም። ቀጣዩ መልእክት በ3፡45።

3፡45
ተገኝቷል። የፍሳሽ ቦይ ሲቆፍር የነበረ ኤክስካቫተር 48 ክር ያለውን ኬብል በጥሶታል። ኬብሉ ስለተጎተተ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት አይቻልም፤ በመካከል 40 ሜትር አዲስ ኬብል ይገባል። ይህ ማለት በሁለቱም ጫፍ፣ በጠቅላላው 96 ብየዳ ነው። እስከ 8፡00 እንጨርሳለን ብለን እናስባለን። በ5፡45 የደረስንበትን እንነግራችኋለን።

5፡45
አዲሱ ኬብል ተዘርግቷል፤ ብየዳው በሁለት ማሽን ተጀምሯል። የጤና ጣቢያውን መስመር አስቀድመናል።

7፡30
በ8፡00 አንደርስም። ዝናቡ ቦይውን ሞልቶታል፤ እርጥበትና ጭቃ የነካው ክር ስለማይበየድ ውኃው እስኪወጣ ሥራው ቆሟል። የጤና ጣቢያው መስመር ሠርቷል፤ ኮዬ ፈጬ በከፊል ተመልሷል። አዲሱ ግምታችን 10፡00 ነው። እስከ 8፡00 ብላችሁ ሥራችሁን ያቆያችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

9፡50፣ የመጨረሻ መልእክት
በ9፡35 ሁሉም መስመሮች ተመልሰዋል። አገልግሎቱ የተቋረጠው ለ7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ይህን የምንጽፈው የእያንዳንዱን ብሎክ መስመር ለክተን ካረጋገጥን በኋላ ነው።

ቆፋሪውን አንወቅስም። ኬብላችን በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም፤ ምልክቱን መትከል የነበረብን እኛ ነን። የ8፡00 ግምታችንም የእኛ ስህተት ነው፤ የብየዳውን ደቂቃ ስናሰላ በሐምሌ እንደምንቆፍር ረስተናል።

ከነገ ጀምሮ በዚህ መስመር ላይ ምልክቶች ይተከላሉ፤ የተቀበረው ኬብል ላይም ማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይነጠፋል። በሁለቱም አካባቢዎች ላሉ ደንበኞች ሁሉ ሳይጠይቁ በወርሃዊ አገልግሎታቸው ላይ ሁለት ቀን ይጨመርላቸዋል።

መብራቱ አሁንም ቀይ የሆነበት ቤት ካለ መሣሪያውን ለአንድ ደቂቃ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ መልሱት። ካልተስተካከለ የብሎካችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ይዛችሁ ደውሉ፤ ባለሙያዎቻችን እስከ ምሽቱ 3፡00 እዚያው አካባቢ ናቸው።